የመጨረሻው ስፕሪንክለር ስንት ባር ይደርሰዋል?

የመጋዘን ስፕሪንክለር ስሌት ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ፈልጎ መልሶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ እሳት ሲነሳ ጣሪያው ላይ የሚከፈቱት ስፕሪንክለሮች ምን ያህል ውሃ፣ በምን ያህል ግፊት ይፈልጋሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የውሃ ምንጩ ያን ያህል ውሃ እየሰጠ ሳለ ምን ያህል ግፊት ይቀረዋል የሚል ነው። ቫልቮቹ ተዘግተው ውሃው በቆመበት ሰዓት የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ለሁለቱም መልስ አይሆንም። ግፊት የሚወርደው ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ነውና።

በፊልም እንደሚታየው ሁሉም ስፕሪንክለሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። እያንዳንዱ የሚከፈተው የራሱ መስታወት ወይም ብረት በሙቀት ሲሰበር ወይም ሲቀልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱ መጋዘኑን በሙሉ ሳይሆን እሳቱ ይሸፍነዋል ተብሎ የሚገመተውን ክፍል ብቻ ይይዛል። ከአሜሪካ ውጭም በብዙ አገሮች የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 13 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ይህንን ስፋትና በየካሬ ሜትሩ መውረድ ያለበትን ውሃ የሚወስነው የዕቃውን ዓይነት፣ የክምሩን ከፍታና አደራደሩን አይቶ ነው። ካርቶን ውስጥ ያለ ቆርቆሮ ምግብና ፕላስቲክ ወንበር አንድ ዓይነት ውሃ አይበቃቸውም።

ለምሳሌ ጣሪያው 10 ሜትር በሆነ መጋዘን ውስጥ ላለ ዕቃ በካሬ ሜትር በደቂቃ 12.2 ሊትር ውሃ በ186 ካሬ ሜትር ላይ እንዲወርድ ተወሰነ እንበል። ስፕሪንክለሮቹ በየ3 ሜትሩ ቢሰቀሉ እያንዳንዱ 9 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 186 ለ9 ሲካፈል 20.7 ስለሚሆን ስሌቱ 21 ስፕሪንክለሮችን ይይዛል። የሚሰላው ክፍል አራት ማዕዘን ሲሆን በቅርንጫፍ ቧንቧው አቅጣጫ ያለው ርዝመት ቢያንስ የስፋቱ ስኩዌር ሩት 1.2 እጥፍ፣ ማለትም 16.4 ሜትር መሆን አለበት። ይህም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ 6 ስፕሪንክለር ማለት ነው። ሦስት ቅርንጫፎች በሙሉ ይገባሉ፤ የቀሩት 3 ስፕሪንክለሮች ከአራተኛው ይወሰዳሉ።

ይህ ክፍል የሚቀመጠው ውሃ ለማድረስ በጣም በሚያስቸግርበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ከውሃው መግቢያ በጣም የራቀው ጥግ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቧንቧው በጠበበበት ወይም ጣሪያው ከፍ ባለበት ቦታ ያለ ቅርብ ክፍል ከሩቁ የበለጠ ግፊት ሊጠይቅ ይችላል። ቅርንጫፎቹ በሁለቱም ጫፍ ከዋና ቧንቧ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ውሃው በብዙ መንገድ ስለሚመጣ አስቸጋሪው ቦታ በዓይን አይለይም። ክፍሉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ ደጋግሞ ማስላትና ትልቁን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስፕሪንክለር ነው። 9 ካሬ ሜትር በ12.2 ሲባዛ በደቂቃ 110 ሊትር ገደማ ይሆናል። ፍሰትና ግፊት የሚገናኙት በዚህ ቀመር ነው፦

Q = K√P

K በስፕሪንክለሩ ቀዳዳ መጠን የሚወሰን ቁጥር ነው። K 115 የሆነ ስፕሪንክለር በ1 ባር ግፊት በደቂቃ 115 ሊትር ያፈሳል። ስለዚህ 110 ሊትር ለማግኘት 0.92 ባር ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃው ምንጭ መሄድ ይጀመራል። በመጀመሪያው 3 ሜትር ቧንቧ ውስጥ በሚፈጠረው ሰበቃ 0.02 ባር ስለሚጠፋ ሁለተኛው ስፕሪንክለር ጋ 0.94 ባር ይኖራል። ግፊቱ ከፍ ስላለ ይህኛው 111 ሊትር ያፈሳል፤ ቀጣዩ ቧንቧም የሁለቱን ድምር ይሸከማል። የሰበቃው ብክነት ከፍሰቱ በጣም ፈጥኖ ያድጋል፤ በሄዘን ዊሊያምስ ቀመር መሠረት ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ 3.6 እጥፍ ይሆናል። ሁለት ባለ 40 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በተገጠመበት ቅርንጫፍ ላይ ስድስተኛው ስፕሪንክለር ጋ ሲደረስ ግፊቱ 1.30 ባር፣ የስፕሪንክለሩ ፍሰት 131 ሊትር ይሆናል። ቅርንጫፉ በደቂቃ የሚፈሰው 660 ሳይሆን 711 ሊትር ነው። ይህን ትርፍ የረሳ ስሌት ከሚያስፈልገው ያነሰ ውሃ ያወጣል።

የሌሎቹ ቅርንጫፎች ውሃ በዚሁ መንገድ ሲደመር ፍላጎቱ ወደ 2,600 ሊትር ይደርሳል። በ1.30 ባሩ ላይ የ10 ሜትሩ ከፍታ 0.98 ባር ይጨምራል። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 100 ሚሊ ሜትር ዋና ቧንቧ 0.87 ባር ይበላል። ቀሪው መስመር፣ ቫልቮቹና መገጣጠሚያዎቹ ሌላ 1.05 ባር ቢወስዱ፣ ውሃው ከከተማው መስመር በሚገባበት ነጥብ ላይ ፍላጎቱ 2,600 ሊትር በ4.2 ባር ነው።

አሁን የምንጩ ተራ ነው። አንድ የእሳት አደጋ ሃይድራንት ተከፍቶ ውሃው ሲለካ በአጠገቡ ባለው ሌላ ሃይድራንት ላይ ግፊቱ ይነበባል። ውሃው ቆሞ ሳለ 5.5 ባር፣ በደቂቃ 3,800 ሊትር ሲፈስ ደግሞ 4.5 ባር ተነበበ እንበል። እነዚህ ሁለት ነጥቦች የአቅርቦቱን መስመር ይሠራሉ። መስመሩ በተራ ወረቀት ላይ ጎባጣ ነው፤ የፍሰቱ መስመር በ1.85 ኃይል በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ግን ቀጥ ይላል። በ2,600 ሊትር ላይ ምንጩ 5.0 ባር ይሰጣል። ፍላጎቱ 4.2 ስለሆነ 0.8 ባር የተረፈ ይመስላል።

ብዙ ስሌት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ቱቦዎቻቸውን ከዚያው መስመር ስለሚያገናኙ፣ እንዲህ ላለ መጋዘን በደቂቃ 1,900 ሊትር ይጨመራል። ጠቅላላው 4,500 ሊትር ሲሆን የምንጩ ግፊት ወደ 4.13 ባር ይወርዳል፤ ፍላጎቱ ግን 4.2 ላይ ነው። የጎደለው 0.07 ባር ብቻ ነው፤ ሆኖም ንድፉ አያልፍም። ፓምፕ ከመግዛት በፊት ቧንቧውን መመልከት ይሻላል። 100 ሚሊ ሜትሩ ዋና ቧንቧ በ150 ሚሊ ሜትር ቢተካ የሚጠፋው 0.87 ባር ወደ 0.12 ይወርዳል። ፍላጎቱ 3.45 ባር ገደማ ስለሚሆን 0.68 ባር መጠባበቂያ ይገኛል።

መጠባበቂያውን ግን እንደ ትርፍ መቁጠር አይገባም። ውሃው የሚበዛበትን የሌሊት ሰዓት ወይም የክረምት ወር መርጦ የተደረገ የሃይድራንት ሙከራ የቀኑን ወይም የበጋውን ግፊት አይናገርም። እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ከተሞች የከተማው መስመር ብቻውን አስተማማኝ ምንጭ አይደለም፤ አቅርቦቱ የሚወሰነው በታንከርና በፓምፕ ነው። ያኔ በሃይድራንቱ መስመር ቦታ የፓምፑ መስመር ይገባል። ደረጃውን የጠበቀ የእሳት አደጋ ፓምፕ በተመደበለት ፍሰት 150 በመቶ ላይ ቢያንስ የተመደበለትን ግፊት 65 በመቶ መስጠት አለበት። የታንከሩ መጠን ሲሰላ ደግሞ መጋዘኑ ከተሰላው በላይ ውሃ እንደሚወስድ መታሰብ ይኖርበታል። ምንጩ ትርፍ ግፊት ካለው ስፕሪንክለሮቹ ከ2,600 ሊትር በላይ ያፈሳሉ፤ ታንከሩም ከተገመተው ሰዓት ቀድሞ ያልቃል።

ስሌቱ ሲጠናቀቅ የውሃው መጠን፣ ግፊቱና የተሰላበት ስፋት በመቆጣጠሪያ ቫልቩ አጠገብ በሚለጠፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። የመጋዘን ባለቤት በየዓመቱ የዋናው ማፍሰሻ ቫልቭ ሲከፈት የሚታየውን ግፊት ከቀደመው ዓመት ጋር ቢያነጻጽር በከፊል የተዘጋ ቫልቭ ወይም የደከመ ምንጭ ካለ ቶሎ ይደርስበታል። ካርቶን የነበረበት መደርደሪያ በፕላስቲክ ዕቃ ከተሞላ ወይም ክምሩ አንድ ደረጃ ከፍ ካለ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ለዚያ መጋዘን አይሠራም፤ ስሌቱ ከመጨረሻው ስፕሪንክለር ጀምሮ እንደገና መሠራት አለበት።