ጂፒኤስ ያለው ድሮን ጆሃንስበርግ ላይ፦ ጣጣው ከኮምፓሱ ነው

ትንሽ ድሮን ጂፒኤስ ከተገጠመለት በኋላ «ባለህበት ቁም» ሲባል እየሰፋ የሚሄድ ክብ መዞር ከጀመረ፣ አብዛኛው ሰው ሳተላይቱን ይወቅሳል። ጆሃንስበርግ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፓሱ ነው።

የገመዱ ሥራ ቀላል ነው። ከሞጁሉ የሚወጡት አምስት ቮልትና ግራውንድ፣ በቦርዱ ላይ ተሻግረው የሚበየዱት TX እና RX (የአንዱ ላኪ ከሌላው ተቀባይ)፣ ከዚያም ለኮምፓሱ SDA እና SCL ናቸው። በሶፍትዌር በኩል ቤታፍላይት ለብዙ ዓመታት የሰጠው በአደጋ ጊዜ ወደ መነሻ የሚመልስ አገልግሎት ብቻ ነበር፤ ያለ ኮምፓስም ይሠራል፣ አቅጣጫውን ከእንቅስቃሴው ይገምታልና። አርዱፓይለትና አይናቭ ቦታ መያዝን ከጥንቱ የያዙ ናቸው። ከሦስቱ ለትንሽ ቦርድ የሚመቸው አይናቭ ስለሆነ ቀጥሎ ያለው በእሱ ላይ ነው።

ጂፒኤስ «ሁለት ሜትር ወደ ሰሜን ተንሸራተሃል» ይላል። ድሮኑ ለመመለስ ሰሜን የት እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚነግረው ኮምፓሱ ነው። እዚህ ላይ የቦታው ጉዳይ ይመጣል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ሃርተቢስትሁክ ያለው የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ከሚመዘግበው አጠቃላይ መስክ (ወደ 28 ማይክሮቴስላ) አብዛኛው ሽቅብ ያዘነበለ ነው። ለኮምፓስ የሚጠቅመው አግድሙ ድርሻ 13 ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ በማግኔት ወገብ አጠገብ ስላለች መስኩ አግድም ማለት ይቻላል፣ ወደ 36 ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር የበረረ ድሮን ጆሃንስበርግ ላይ ቢቅበዘበዝ አይግረመን።

በቁጥር እንየው። ከባትሪ የሚወጡት ሁለት ገመዶች አንድ ሴንቲሜትር ተራርቀው 20 አምፔር ቢያሳልፉ፣ አሥር ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ የሚፈጥሩት መስክ 4 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። በመጥፎው አቅጣጫ ከመጣ አዲስ አበባ ላይ ኮምፓሱን ስድስት ዲግሪ ያህል ያስታል፤ ጆሃንስበርግ ላይ አሥራ ሰባት። ኮምፓሱን ወደ አምስት ሴንቲሜትር ካቀረብነው ስህተቱ ከሃምሳ ዲግሪ ያልፋል፣ ድሮኑም ወደ ቦታው ከመመለስ ይልቅ ይዞራል። ስለዚህ ሞጁሉ በምሰሶ ላይ ከፍ ይበል፣ የባትሪው ገመዶችም እርስ በርሳቸው ይጠምዘዙ። ምርመራው ቀላል ነው፦ ድሮኑን አየር ላይ አቁሞ ጋዙን በድንገት መጨመርና የስክሪኑን አቅጣጫ ማየት። አፍንጫው ሳይዞር ቁጥሩ ከተቀየረ ኮምፓሱ ተረብሿል።

በዚህ ላይ የማግኔት ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን በጆሃንስበርግ ወደ ምዕራብ 20 ዲግሪ ገደማ ይሸሻል። አይናቭ ይህን ከጂፒኤስ በራሱ ያሰላል፤ ነገር ግን ከሌላ ሰው በተቀዳ ቅንብር ውስጥ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ እዚህ ግን ከገመዱ ስህተት ጋር ሲደመር ድሮኑን ያሳብደዋል። ስለዚህ ይህንና የመመለሻውን ቅንብር በአይናቭ CLI ላይ እንዲህ ማስገባት ነው፦

```
set inav_auto_mag_decl = ON
set nav_rth_altitude = 3000
set nav_rth_climb_first = ON
set failsafe_procedure = RTH
save
```

የመመለሻው ከፍታ በሴንቲሜትር ነው፤ 3000 ማለት 30 ሜትር። እንደመጣ የሚገኘው 10 ሜትር በከተማዋ በማዕድን ቆፋሪዎቹ ዘመን ለተተከለው ባሕር ዛፍ አይበቃም፤ ድሮኑ ቀጥታ ቅርንጫፍ ውስጥ ይገባል። ሌላው `nav_mc_hover_thr` ነው፦ ከ1,700 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ለመቆም የሚፈለገው ጋዝ ይበልጣል። ኬፕ ታውን ላይ የተቀመጠ ቁጥር እዚህ ከተገለበጠ ከፍታ መያዣው ሲነሳ ድሮኑ መጀመሪያ ይሰምጣል። ቁጥሩን ከራስ በረራ ማንበብ ነው የሚያዋጣው።

መነሻው የሚመዘገበው ሞተሩ ሲከፈት ስለሆነ ሳተላይቶቹ እስኪሰበሰቡና እስኪረጉ መጠበቅ ግድ ነው። ሙከራው ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ሜዳ ላይ አሥር ሜትር ከፍ ብሎ ቦታ መያዝ፣ ቀጥሎ ሃምሳ ሜትር ርቆ በማብሪያው መመለስ፣ ሪሞቱን አጥፍቶ መሞከር የመጨረሻው ነው። ከመነሻው አምስት ሜትር ባልበለጠ ርቀት ከተሞከረ ድሮኑ ሳይወጣ እዚያው ያርፋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ቅንብሩ ነው። ሜዳ መምረጡ ራሱ ሥራ ነው፦ የደቡብ አፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ደንብ ከአየር ማረፊያ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ከሰውና ከሕንፃ ሃምሳ ሜትር መራቅን ይጠይቃል። ኦ አር ታምቦን፣ ራንድን፣ ግራንድ ሴንትራልንና ላንሴሪያን በካርታ ላይ በክብ ካጠሩ በኋላ ከከተማዋ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው።