ዛላውን ያላየ ደንበኛ

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እጁን ወደ ማዳበሪያው ውስጥ ይሰዳል። ከላይ ያለው ዛላ ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ ከሥር ነው የሚያወጣው። ጆሮው ጋር አስጠግቶ ይነቀንቀዋል፤ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። ያጥፈዋል፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ ውሃ አለው ማለት ነው። ዛላው እንዳይሰባበርና ኪሎ እንዲያነሳ ውሃ የሚያርከፈክፍ ነጋዴ አይጠፋምና ይህን መፈተን የገዢው ፈንታ ነው። በመጨረሻ ሰንጥቆ ውስጡን ያያል። ነጣ ያለ ወይም አመድማ ሻጋታ ካለበት ወደ ቀጣዩ ሻጭ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለች የፍኖተ ሰላም ልጅ ግን ያላት አንድ የስልክ መስታወት ነው። ያንኑ በርበሬ የምትገዛው ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የሱቁ ባለቤት አንድ ሰው፣ መጋዘኑ ምድር ቤት፣ ሠራተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዝ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ንግድ አዲስ አይደለም። ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካፌ ኮሉቺን እ.ኤ.አ. በ1991 የከፈቱት ፈትለወርቅ ተፈሪ «ብሩንዶ» በሚል ስም አገር ቤት የተዘጋጀ ቅመም ለአሜሪካ ገበያ አቅርበዋል። እኔ ግን እዚህ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ከዚያ በጣም የሚያንሰውን፣ በአንድ ሰው ጉልበት የሚሠራውን ሱቅ ነው። የዚህ ሱቅ ድረ ገጽ ዋና ሥራ ዋጋ መለጠፍ ይመስለናል። ዋናው ሥራው ግን ያንን ማዳበሪያ ውስጥ የገባውን እጅ መተካት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጭነቱ ነው። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ሂሳብ የሚሠሩት በክብደት ብቻ አይደለም፤ ካርቶኑ አውሮፕላን ውስጥ የሚይዘውንም ቦታ ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ ከዚህ ቁጥርና ከሚዛኑ የበለጠው ይከፈላል። 9 ኪሎ ዛላ 60 በ45 በ40 የሆነ ካርቶን ይሞላል እንበል። ሲባዛ 108,000፣ ለ5000 ሲካፈል 21.6 ይወጣል። 9 ኪሎ ልኮ የ22 ኪሎ መክፈል ማለት ነው፤ ትርፉ አየር ነው። ያው በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ገብቶለት ከተፈጨ በኋላ 30 በ30 በ20 ካርቶን ይበቃዋል። የቦታው ሂሳብ 3.6 ብቻ ስለሚመጣ የሚከፈለው በትክክለኛው ክብደት ነው።

ስለዚህ ጭነቱ ዱቄት ይፈልጋል፤ አመኔታ ደግሞ ዛላ። እዚህ ግጭት ላይ ነው ብዙዎቹ ትንንሽ ሱቆች የሚወድቁት። ዱቄት ሁሉንም ይደብቃል። አብሮ የተፈጨ ግንጭል፣ የአምና ዛላ፣ ኪሎ እንዲያነሳ የበዛ ጨው፣ ከዚያም አልፎ የጡብ ዱቄት። የጡቡን ነገር እቤት ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ማንኪያ በርበሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲቆይ አሸዋማው ነገር ከሥር ይዘቅጣል፣ በጣት ሲፈተግም ይሻክራል። ቀለም ሲሆን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓ ውስጥ በበርበሬ ዱቄት ላይ የተገኘው «ሱዳን 1» የተባለው የፋብሪካ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ የብርጭቆው ፈተና አያጋልጠውም።

ከሁሉም የሚከፋው አፍላቶክሲን ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ወይም መሬት ላይ ተሰጥቶ ጤዛ የበላው በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ በወጥ እሳትም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለደረቀ በርበሬ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ከ20 ሲያልፍ እርምጃ ትወስዳለች። አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው፣ በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም። ደግሞ እኩል አይሰራጭም። አንዱ ማዳበሪያ ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል የላብራቶሪ ወረቀት የሚመሰክረው ናሙናው ለተወሰደበት ጭነት ብቻ ነው። «ምርቶቻችን ተመርምረዋል» የሚል ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሳይ ወዲያውኑ የምጠይቀው «የትኛው?» ብዬ ነው።

ጥሩ ሱቅ ለዚህ ያለው መልስ የዙር ቁጥር ነው። እሽጉ ላይ «ዙር 7» ተብሎ ይታተማል፤ ደንበኛዋ ድረ ገጹ ላይ 7ን ስትነካ የዚያ ዙር ገጽ ይከፈታል። ዛላው ሚዛን ላይ እያለ የተነሳው ፎቶ፣ የተገዛበት ገበያና ወር፣ የተቀነጠሰበትና የተፈጨበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የገባው ቅመም ከነመጠኑ፣ የላብራቶሪው ወረቀት። ቁጥሩ ካልተቀየረ ወይም የዙር 5 ፎቶ ዙር 7 ላይ ተመልሶ ከመጣ ተጠራጠሩ። የላብራቶሪው ቀን በርበሬው ከተፈጨበት ቀን ቀድሞ ከሆነ ደግሞ የተመረመረው ዛላው እንጂ እጃችሁ የገባው ዱቄት አይደለም። ቅመሙም ወፍጮውም የራሳቸውን ነገር ይጨምራሉና።

የምዕራብ ጎጃም በርበሬ ቀልቶ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ በመስከረም «አዲስ ምርት» የሚል ሱቅ የሚሸጠው የአምናውን ነው። የአምና በርበሬ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የአምና ነው ይበል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፎቶ ማግኘት ራሱ አይቻልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ከቡሬ ምስል መላክ ዘበት ነበር። ያን ጊዜ ትክክለኛው ነገር ቦታውን ባዶ መተው ነው፤ የድሮ ፎቶ መሙላት የባሰ ያስጠረጥራል።

ከአመኔታ ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይንቀሳቀስም፣ የአሜሪካው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገፋል። በክረምታቸው ዋሽንግተን ከኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፣ በበጋቸው በ7። በዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ስለሚነሳ አንድ የሚያታልል ነገር ይፈጠራል። በበጋቸው ዋሽንግተን ከጠዋቱ 9 ሲል ቡሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በቁጥር የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ስለሚመስል ባለሱቁ ራሱ ይዘናጋል። ማታ 9 ላይ ከሥራ ተመልሶ ትዕዛዝ ሲያይ «እዚያም 10 ነው» ብሎ ቡሬ ወዳለው ወፍጮ ቤት ይደውላል። ነው፤ ግን ከሌሊቱ 10 ነው። በሌሊት የሚጮህ ስልክ ገጠር ውስጥ ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ሰላም ነው?» ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ትዕዛዙ ይረሳል።

የሚበጀው የዋሽንግተን ጠዋት ነው። በክረምታቸው ከጠዋቱ 7 እስከ 10 ያለው ጊዜ ቡሬ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ወፍጮው ገና እየሠራ፣ ሰውም ስልኩን እያነሳ። ቀጠሮ ሲያዝ ደግሞ «ነገ 2 ሰዓት» ብቻ ማለት ስድስት ሰዓት የሚያስት ወጥመድ ነው። ለአንዱ ጠዋት 2 ነው፣ ለሌላው ከምሳ በኋላ፣ በኛ 8 ሰዓት። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ልዩነቱን በእጁ «8» ብሎ ካስገባው ሰዓቱ በተገፋ ማግስት ሁሉም ነገር ይዛነፋል። ማስገባት ያለበት የቦታውን ስም ነው፤ `America/New_York` እና `Africa/Addis_Ababa`። ኮምፒውተሩ መቼ እንደሚገፋ ራሱ ያውቃል። በ2018 ዓ.ም. ወደ በጋ ሰዓት የሚያሻግረው ለውጥ የዋለው የካቲት 29 ነው፣ ዐቢይ ጾም መካከል፣ ሽሮና በርበሬ በጣም በሚታዘዝበት ሳምንት።

ጉምሩኩን ባጭሩ ላንሳው። እናት ቤቷ ያዘጋጀችውን በርበሬ ለልጇ በስጦታ ስትልክ ለአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድሚያ ማስታወቂያ መስጠት አይጠበቅባትም። ለሽያጭ የሚመጣ ግን ይጠበቅበታል፤ በአየር ከሆነ ከመድረሱ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ መነገር አለበት፣ ያዘጋጀው ቤትም መመዝገብ አለበት። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው አሠራርም ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ተቋርጧል። ስለዚህ በሻንጣ እያመላለሰ «የቤት ነው» እያለ የሚሸጥ ሱቅ አንድ ቀን ካርቶኑ ሲያዝበት የደንበኛውም ገንዘብ አብሮ ይያዛል። ድረ ገጹ ላይ የተመዘገበ ስምና አድራሻ መፈለግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ባለሱቆች የሚከስሩበት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ደንበኛዋ የገዛችው ለምሳሌ «የጎጃም ቅመም» ከሚል ገጽ ነው፤ የባንክ መግለጫዋ ላይ የሚወጣው ግን ባለቤቱ ከዓመታት በፊት ለታክሲ ሥራ ያስመዘገበው የድርጅት ስም ነው። ባሏ አይቶ «ይሄ ምንድነው?» ይላል፤ ትደውልና ለባንኩ «አላውቀውም» ትላለች። ባንኩ ገንዘቡን ይመልስላትና ባለሱቁን ቅጣት ጨምሮ ያስከፍለዋል። በርበሬው ግን ወጥ ሆኖ ተበልቷል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ መግለጫው ላይ የሚወጣውን ስም ከሱቁ ስም ጋር ማመሳሰልና የእሽጉን መከታተያ ቁጥር መያዝ። ያለ መከታተያ ቁጥር የተላከ ዕቃ ክርክር ላይ እንዳልተላከ ይቆጠራል።

አሁን የፋሲካን ሂሳብ እንሥራ። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ዶሮው የሚሠራው ቅዳሜ ስለሆነ በርበሬው አርብ እቤት መድረስ አለበት። ከሜሪላንድ ሲያትል ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል ብንል፣ ለማሸግ አንድ ቀን ጨምረን፣ የመጨረሻው የትዕዛዝ ቀን ሰኞ መጋቢት 28 እኩለ ቀን ይሆናል። የማን እኩለ ቀን? ሲያትል ያለችው ደንበኛ በራሷ ሰዓት ካነበበችው ሜሪላንድ ላይ ከቀትር በኋላ 3 ሆኗል፤ የትዕዛዙ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ገጹ «12 ሰዓት» ብሎ መተው የለበትም፤ የቀረውን ጊዜ እየቆጠረ ያሳያት፣ ካለፈም ገንዘቧን ከመቀበሉ በፊት ይንገራት፦ «ለፋሲካ አይደርስም። ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርሳል፤ ይላክ?»