የቦርድ ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ፤ የተወሰነውን እንደ ተወሰነ ስለ መመዝገብ

አምስት ዲሬክተሮች ያሉት አንድ የአስመጪዎች አክሲዮን ማኅበር፥ የመጋዘኑ ጣራ በክረምት አፍስሶ የጨርቅ ጥቅሎች ስለ ተበላሹበት፥ ቦርዱ ተሰብስቦ ስለ ጥገናው መከረ እንበል። ጸሐፊውም «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ የመጋዘኑ ጥገና በአስቸኳይ እንዲከናወን ተስማሙ» ብሎ መዘገበ። ከሁለት ወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጣራውንም ግድግዳውንም አሳድሰው የ600,000 ብር ሒሳብ ሲያቀርቡ፥ ሁለት ዲሬክተሮች «እኛ የፈቀድነው ጣራውን ብቻ ነው» አሉ። መዝገቡ ቢገለጥ ለማንኛውም ወገን መልስ የሚሰጥ ሆኖ አልተገኘም።

የጸሐፊው ዓረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም። ጉድለቱ ምን እንደሚሠራ፥ እስከ ስንት ብር እንደሚወጣ፥ ማን እንደሚያስፈጽምና እስከ መቼ እንደሚፈጸም አለመናገሩ ነው። ያው ስብሰባ እንደሚከተለው ሊመዘገብ ይችል ነበር።

«ውሳኔ 3። የመጋዘኑ ጣራ ቆርቆሮ እንዲለወጥ፥ ለዚህም ከ400,000 ብር የማይበልጥ ወጪ እንዲደረግ፥ በአራት የድጋፍና በአንድ የተቃውሞ ድምፅ ተወሰነ። የግድግዳው እድሳት በዚህ ውሳኔ አልተካተተም። ተግባር፤ ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ተቋራጮች የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስበው እስከ ጥቅምት 15 ቀን ለሊቀ መንበሩ ያቀርባሉ። ውል የሚፈረመው ሊቀ መንበሩ ዋጋውን ካጸደቁ በኋላ ነው።»

እንዲህ ያለው ቃል ከስብሰባው በኋላ በትዝታ የሚጻፍ አይደለም። ድምፅ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ጸሐፊው የውሳኔውን ሐሳብ በጽሑፍ አድርጎ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ዲሬክተሮቹም ድምፅ የሚሰጡት በተነበበው ቃል ላይ ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ይህ ተደርጎ ቢሆን፥ «ግድግዳውስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁለት ወር በኋላ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ይነሣ ነበር።

ውሳኔና ተግባር ተለይተው መጻፍ ይገባቸዋል። ውሳኔ ቦርዱ የፈቀደው ወይም የከለከለው ነገር ሲሆን ከድምፅ ቍጥሩ ጋር ይመዘገባል። ተግባር ደግሞ አንድ ሰው በተወሰነ ቀን የሚፈጽመው ሥራ ነው። «ጉዳዩ ይታያል» ወይም «የሚመለከታቸው ይከታተሉታል» የሚል ቃል፥ ባለቤትና ቀን ስለሌለው ተግባር ሊባል አይችልም። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ያለፉት ተግባራት አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ያልተፈጸመውም አዲስ ቀን ይሰጠዋል እንጂ በዝምታ ከዝርዝሩ አይወጣም።

ክርክሩን በሚመለከት ጸሐፊው ምክንያትን እንጂ ስሜትን አይመዘግብም። «አንድ ዲሬክተር በቍጣ ተቃወሙ» ወይም «ሊቀ መንበሩ በብልህነት አስረዱ» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ፥ ሳያውቀው ከአንድ ወገን ቆሟል። «ዲሬክተሩ የማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ ለጕምሩክ ክፍያ እንዲቆይ በማለት ተቃወሙ» ቢል ግን፥ ተቃዋሚውም ደጋፊውም ያለ ቅሬታ የሚፈርሙበት ይሆናል።

የተቃውሞ መመዝገብ ለዲሬክተሩ ራሱ ዋስትና ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ጥፋት የሌለበት ዲሬክተር ተቃውሞውን ሳይዘገይ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ካስታወቀ ኃላፊነቱ እንደማይደርስበት ደንግጎ ነበር። ይህ ድንጋጌ የሚገኝበት የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ. ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 ስለ ተተካ፥ ጸሐፊው አዲሱን ሕግና የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ አጠገቡ ማኖር ይገባዋል። ተቃዋሚው ስሜ ይጻፍ ካለም ስሙ ሊታለፍ አይገባም።

ረቂቁ ነገሩ ሳይረሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአባላቱ ይላካል፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ ታርሞ ይጸድቃል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስሕተት ይፈጠራል። 400,000 የተባለው 450,000 ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ ይታረማል፤ የተሳሳተው ቍጥር ሳይፋቅ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከአጠገቡ ተጽፎ ይፈረምበታል። ነገር ግን አንድ ዲሬክተር በኋላ ሐሳቡን ለውጦ «ግድግዳውም ይጨመር» ቢል፥ ይህ አዲስ ውሳኔ እንጂ እርማት አይደለም። አዲሱ ውሳኔ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ በራሱ ቍጥር ይጻፋል፤ የቀድሞውም ባለበት ይኖራል።

ጸሐፊው ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን በስብሰባው ያልነበረ ሰው፥ ለምሳሌ የሒሳብ ሹሙ፥ እንደሚያነበው አድርጎ ይመልከተው። ያ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ስንት ብር እንዲከፍል፥ ለምን ሥራና በማን ፈቃድ እንደ ሆነ ከጽሑፉ ካላገኘ፥ ውሳኔው ገና በሚገባ አልተጻፈም።