የሱቁን ሂሳብ ማን ይያዝ?

በአንድ ሱቅ «የሂሳብ ሥራ» ተብሎ የሚጠራው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው በየቀኑ የሚደጋገም ነው፤ ከካሽ ሬጅስተሩ የወጣውን ዜድ ሪፖርትና የግዢ ደረሰኞችን መዝገብ ላይ ማስፈር። ሌላው በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ነው። ባለሱቁ ሠራተኛ ይቅጠር፣ ለውል ባለሙያ ይክፈል ወይስ ራሱ ይማር የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሁለቱ ሲነጣጠሉ ነው።

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ። የዕለት ምዝገባው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ በ26 የሥራ ቀን 13 ሰዓት ይሆናል፤ የወር መዝጊያው 5 ሰዓት ሲታከልበት 18። በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ግን በወር 104 ሰዓት ሱቁ ውስጥ ነው። ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን፣ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር ወጪው 6,660 ብር ይደርሳል፤ የዓመት ፈቃዱም አለ። ቀሪውን 86 ሰዓት የሚሞላ ቆጠራ ወይም የመጋዘን ሥራ ከሌለ ቅጥሩ አያዋጣም። ሥራው ቢኖር እንኳ ገንዘብ ተቀባዩና መዝጋቢው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም፤ አለበለዚያ ያጎደለው ሰው ራሱ ጉድለቱን በመዝገብ ሊሸፍነው ይችላል።

የወር ማሳወቂያው ለውል ባለሙያ የሚመች ነው። ደንቡ ይለወጣል፤ በወር አንዴ ብቻ የሚነካውን ሥራ ባለሱቁ ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል። ለዚህ ሥራ ብቻ 2,500 ብር ቢከፈል ከቅጥሩ ከግማሽ በታች ነው። ባለሙያው ግን በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እየገባ በባለሱቁ ትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ምንም ስም ቢሰጠው በሕግ ፊት ሠራተኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ዋና ደረሰኞቹና የታክስ አካውንቱ የይለፍ ቃልም ከባለሱቁ እጅ መውጣት የለባቸውም።

የዕለት ምዝገባውን ባለሱቁ በጥቂት ምሽቶች ሊማረው ይችላል። ከዚህ ይበልጥ መማር ያለበት ግን የሌላውን ሥራ ማጣራት ነው፤ ማሳወቂያው ቢሳሳት ቅጣቱ የሚመጣው በግብር ከፋዩ ስም እንጂ በባለሙያው ስም አይደለምና። ማጣሪያው ቀላል ነው። የወሩ ዜድ ሪፖርቶች ከታክስ በፊት ያለው ድምር 180,000 ብር ሆኖ ማሳወቂያው ላይ የተጻፈው ሽያጭ 162,000 ከሆነ፣ 18,000 ብር የት እንደገባ ይጠየቃል። ዜድ ሪፖርቶች ተከታታይ ቁጥር ስላላቸው በመካከል የተዘለለ ቁጥር ካለ የጎደለው ቀን ወዲያው ይታወቃል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ የሚያዋጣው ምዝገባውን ባለሱቁ ራሱ ይዞ ማሳወቂያውን ለባለሙያ መስጠት ነው። የግማሽ ቀን ሠራተኛ የሚያስፈልገው ምዝገባው በቀን ሁለት ሰዓት ማለፍ ሲጀምርና ባለሱቁ በዚያው ሰዓት ደንበኛ ማስተናገድ ሲያቅተው ነው።