ለሌለ ፍጡር ስም ሲወጣ

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ደራሲ ሁሉ አንድ ቀን ስም ማውጣት ግድ ይለዋል። ሰው ያልሆነ፣ በመጽሐፉ ገጾች ውስጥ ብቻ የሚኖር ፍጡር አለና ስም ይፈልጋል። ብዙዎች የሚያደርጉት ለጆሮ እንግዳ የሆነ ድምፅ ፈልጎ መለጠፍ ነው። አንዱ ፍጡር «ዝራክስ» ይባላል፣ ሁለተኛው «ኦሉሚያ»፣ ሦስተኛው «ግኖርቭ»። እያንዳንዱ ስም ለብቻው ሲታይ ክፉ አይደለም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የአንድ አገር ስሞች አይመስሉም፤ አንባቢውም ሳይነገረው ይገባዋል፤ ከስሞቹ ጀርባ የሚናገራቸው ሕዝብ የለም።

ይህን ችግር ከማንም በላይ ጠንክሮ የሠራበት እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር፤ «ሆቢት»ን እ.ኤ.አ. በ1937፣ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ደግሞ ከ1954 እስከ 1955 አሳተመ። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ኤልፎቹን፣ ድዋርፎቹንና ኦርኮቹን ያስታውሷቸዋል። የቶልኪን መንገድ ከስም አይጀምርም። መጀመሪያ ሥር ያበጃል፤ ሥሩን የሚያረባበት ሥርዓት ያወጣል፤ ስሙ ከዚያ ይወለዳል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ለማሳየት ከድዋርፎቹ የተሻለ ምሳሌ የለም። ድዋርፎች በተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ፣ አጫጭርና ጢማም አንጥረኞች ናቸው። ቶልኪን ቋንቋቸውን ሲያበጅ ሴማዊ እንዲሆን አስቦ እንደሠራው ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ቃላቸው እንደ ግዕዝ፣ እንደ ዕብራይስጥና እንደ ዓረብኛ ከተነባቢ ሥር ይነሣል፤ አናባቢው በመካከል እየገባ ቅርጽ ይሰጠዋል። ድዋርፎች ራሳቸውን «ኸዛድ» ይላሉ፤ ቋንቋቸው «ኹዝዱል» ነው፤ የታላቁ የምድር ውስጥ ከተማቸው ስም «ኸዛድ-ዱም» ነው። ሦስቱም ስሞች ኽ፣ ዝ እና ድን ይዘዋል።

አሁን ሌላ የድዋርፍ ቃል እንይ። ጠላታቸውን ኦርክን አንድ ሲሆን «ሩኽስ»፣ ብዙ ሲሆን «ረኻስ» ይሉታል። በላቲን ፊደል ለሚያነብ ሰው ይህ ለውጥ ትንሽ ግራ ያጋባል። በእኛ ፊደል ግን ወለል ብሎ ይታያል። በነጠላው የመጀመሪያው ፊደል ካዕብ ነው፣ የቀሩት ሳድስ ናቸው፤ በብዙው የመጀመሪያው ግዕዝ ይሆናል፣ ሁለተኛው ራብዕ፣ ሦስተኛው ሳድስ እንደሆነ ይቀራል። «ኸዛድ»ን በዚሁ ሚዛን ብናስቀምጠው ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሳድስ ነውና ብዙ ቁጥር መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ አንዱ ድዋርፍ ማን ይባላል? «ኹዝድ» ነዋ! ማንም አልነገረንም፤ ሥርዓቱ ራሱ መለሰልን። ኮከብን ከዋክብት፣ ድንግልን ደናግል እያለ ላደገ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የስም አወጣጥ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስም እውነተኛ የሚመስለው ስለሚያምር አይደለም፤ አንባቢው ሁለት ሦስቱን ካየ በኋላ አራተኛውን መገመት ሲችል ነው። ግምቱ ሲሰምርለት ያ ዓለም ከደራሲው ጭንቅላት ውጪ የሚኖር ይመስለዋል።

ሥር ብቻውን ግን አይበቃም። ሕዝብ ይበተናል፣ ቋንቋም አብሮ ይለያያል። ቶልኪን ይህን ያሳየበት ምርጥ ቦታ የኤልፎች ስም ነው። ኤልፎች ዕድሜ የማይጥላቸው፣ ሰው መሳይ ፍጡራን ናቸው። ሲነቁ በዙሪያቸው የሚናገር ሌላ ፍጡር አላገኙምና ራሳቸውን «በድምፅ የሚናገሩ» ብለው ጠሩ። ስሙ በእኛ ፊደል «ኴንዲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ላቲኑ በሁለት ፊደል የሚያወጣትን ድምፅ እኛ በአንዲት «ኴ» እንጽፋታለን። ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ እንቢ ብለው በምሥራቅ የቀሩ ነበሩ። እነዚህ በጫካው ተበታትነው ከዘመን በኋላ ስድስት ነገዶች ሆነው ይገኛሉ፤ ራሳቸውን የሚጠሩባቸውም ስሞች ኪንዲ፣ ኩይንድ፣ ህዌንቲ፣ ዊንዳን፣ ኪን-ላይ እና ፔኒ ናቸው። ዝርዝሩ የወጣው ቶልኪን ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጽሑፍ ነው።

ስድስቱም አንድ ስም ናቸው። አንዱ ነገድ የ«ኴ»ን ክብነት ጥሎ «ኪ» ብቻ አስቀረ። ሌላው ክ-ን አላልቶ ህ አደረጋት። ሌላው ደግሞ ክ-ን ጨርሶ ጥሎ ው-ን ብቻ ያዘ። ፔኒዎች ዘንድ ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ፕ ሆኑ። ይህ የመጨረሻው የደራሲ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በእውነተኛው ዓለም የደረሰ ነው፤ አምስት በላቲን «ክዊንክዌ» ሲሆን በዌልስ ቋንቋ «ፒምፕ» ነው። ክ ወደ ህ መላላቱን ለማመን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የግዕዙን «ኵሉ» ትግርኛ «ኩሉ» ይለዋል፣ አማርኛ «ሁሉ»። ቶልኪን እነዚያን ነገዶች በታሪኩ ውስጥ ብዙም አላናገራቸውም፤ ስማቸው ግን መለያየታቸውን ይነግረናል።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ስሙን የሚጠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ድዋርፎች ራሳቸውን ኸዛድ ይበሉ እንጂ ኤልፎቹ «ናውግሪም» ይሏቸዋል፤ «የቀጨጩ ሕዝቦች» እንደማለት ነው። ስድብ ነው። በኋላ ግን ኤልፎቹ የድዋርፎቹን የራሳቸውን ስም ተውሰው በአፋቸው «ካሳር» አሉት፤ ብዙው «ካሳሪ» ሆነ። ልብ በሉ፤ «ኸዛድ» ቀድሞውኑ ብዙ ቁጥር ነበር። ተዋሾቹ ይህን ችላ ብለው እንደ ነጠላ ወሰዱትና በላዩ የራሳቸውን ብዙ ቁጥር ጨመሩበት። እኛም መላእክትን «መላእክቶች» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሰዋስው አዋቂዎች ይቆጣሉ፤ ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ግን እንዲህ ያለው ስሕተት ወርቅ ነው፤ የቃሉን ባለቤትና ተዋሹን ይለይልናልና።

ሁሉ ነገር በቅደም ተከተል የተሠራ እንዳይመስላችሁ። «ባልሮግ» የሚባለው የእሳት ጋኔን ስሙን ያገኘው ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጻፋቸው የመጀመሪያ ታሪኮች ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ባጠናቀረው የሥሮች መዝገብ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል «ሥቃይ» ከሚል ሥር አወጣው፤ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ «ኃይል» ከሚል ሥር አደረገው። ስሙ አልተነካም፤ የትውልድ ሐረጉ ግን ተቀየረ። የሚወዱት ስም ካለ ሥሩን ወደ ኋላ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ የተገኘው ሥር ሌሎች ስሞችንም ማፍራት አለበት። የባልሮግ ሁለተኛ ክፍል ፍርሃትን ከሚገልጽ ሥር የመጣ ሲሆን፣ በኋለኛው ጽሑፉ የኦርኮችንም ስም ከዚያው ሥር አውጥቶታል። ሁለቱ አስፈሪዎች ዘመዳሞች ሆኑ።

አሁን ወደ አማርኛ ጸሐፊ እንምጣ። ለእኛ ዘዴው ቅርብ ነው፤ ወጥመዱም የዚያኑ ያህል ቅርብ ነው። ሦስት ተነባቢ አንሥተን ብናረባ አብዛኛው ሥር በእኛው ቃላት የተያዘ ነው። አንድ ጸሐፊ ለአስፈሪ ፍጡር ድ-ብ-ርን ቢመርጥና በድዋርፎቹ ሚዛን «ደባር» ብሎ ቢያበዛው አንባቢው የሚሰማው ፍርሃት ሳይሆን ድብርት ነው።

መውጫው የሴማዊ ቋንቋዎችን ጠባይ ማወቅ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳየው፣ በሴማዊ የግሥ ሥሮች ከአንድ የአፍ ክፍል የሚወጡ ሁለት ተነባቢዎች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቦታ ጎን ለጎን መቀመጥን እጅግ ይሸሻሉ። ብ እና ም በከንፈር ይወጣሉ፤ ግ፣ ክ እና ቅ ከላንቃ በስተኋላ ይወጣሉ። ስለዚህ በ«ግ-ቅ» የሚጀምር ሥር ብንፈጥር ከነባር ቃል ጋር አይጋጭም፤ ጆሯችንም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እንግዳነቱን ይሰማል።

ግ-ቅ-ልን «በጭለማ ማድባት» የሚል ትርጉም እንስጠውና በዚያው ሚዛን እናርባው። አንዱ ፍጡር ጉቅል ነው፣ ብዙዎቹ ገቃል፣ ቋንቋቸው በኹዝዱል አምሳል ጉቅሉል። በጎረቤት የሚኖሩት ሰዎች ቅ የሚባል ድምፅ የላቸውም እንበል፤ ሁልጊዜ ክ ያደርጉታል። ፍጡራኑ ደግሞ በመንጋ እንጂ ብቻቸውን አይታዩም። እንግዲህ ሰዎቹ የሚሰሙት ብዙውን ስም ነው፤ አንዱንም ቢያዩ «ገካል» ይላሉ፣ ሲበዙ «ገካሎች»። በታሪኩ አንድ ገጸ ባሕርይ ድንገት «ጉቅል» ብሎ በነጠላው፣ ድምፁንም ሳይሳሳት ቢጠራ፣ ንቁ አንባቢ ይህ ሰው ከእነሱ ጋር ኖሯል ብሎ ይጠረጥራል። ደራሲው ምንም ማብራሪያ አልጻፈም።

የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ደንቡን ለአንድ ስም ብቻ ማዋል ነው። ቅ ክ ከሆነች በጎረቤቶቹ አፍ ሁሉ ቦታ ክ መሆን አለባት፤ በተራራው ስምም፣ በወንዙ ስምም፣ በተረገመው ከተማ ስምም። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሥርዓቱ እጅግ ሲጠብቅ ስሞቹ ይመሳሰላሉ። በአንድ ገጽ ላይ ጉቅል፣ ጉክል፣ ጉቅም እና ጉግል ከተሰለፉ አንባቢ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ዋና ዋናዎቹን ፍጡራን በተለያየ ፊደል ከሚጀምሩ ሥሮች ማውጣት ይሻላል፤ ዝምድናው ይታይ ዘንድ ሚዛኑን የጋራ ማድረግ ይበቃል።

እናንተም እየጻፋችሁ ከሆነ ረቂቁን ለአሳታሚ ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ሦስት ነጠላ ስሞችንና የሁለቱን ብዙ ቁጥር አሳዩት፤ የሦስተኛውን ብዙ ቁጥር እሱ ይንገራችሁ። ከተናገረ ሥራችሁ አልቋል። ካልተናገረ ስሞቹን አትቀይሩ፤ ሚዛኑን መርምሩ።