ደካማውና ብርቱው የብዙ ቁጥር ሕግ

ያላደላ ሳንቲም ዘውድና ጎፈር እየተባለ ብዙ ጊዜ ሲጣል የዘውዱ ድርሻ ወደ ግማሽ እንደሚቀርብ ሰው ሁሉ በልማድ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በልማድ የታወቀውን በማስረጃ ያጸናው የባዝሉ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ ሲሆን፥ ሃያ ዓመት ያህል ያሰላሰለው ይህ ነገር ታትሞ የወጣው እርሱ ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1713 እ.ኤ.አ. ነበር። የበርኑሊ ስሌት ረዥምና አድካሚ ነው፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ግን ሩሲያዊው ቼቢሼቭ ደካማ የሚባለውን ይህንኑ ሕግ በጥቂት መስመር የሚያስረዳ መንገድ አሳተመ።

የመንገዱ መሠረት ልይይት ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ውጤት ከአማካዩ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው አማካይ ነው። ዘውድን 1፥ ጎፈርን 0 ብንል አማካዩ ግማሽ ነው፤ ውጤቱም ምንጊዜም ከዚያ በግማሽ ይርቃልና ልይይቱ 1/4 ይሆናል። አንዱ ውርወራ ሌላውን ስለማይነካ የ n ውርወራዎች ልይይት ተደምሮ n/4 ይመጣል፤ ድምሩን ለ n አካፍለን አማካዩን ስናወጣ ግን ልይይቱ ለ n² ይካፈላልና 1/(4n) ሆኖ ይቀራል።

አሁን አማካዩ ከግማሽ በ ε ወይም ከዚያ በላይ የሚርቅበትን ዕድል እንመርምር። እንዲህ የራቀ ውጤት ሁሉ ለልይይቱ ቢያንስ ε² ያዋጣል፤ ስለዚህ ዕድሉ በ ε² ተባዝቶ ከጠቅላላው ልይይት ሊበልጥ አይችልም፤

P(|X̄ − 1/2| ≥ ε) ≤ 1/(4nε²)

ውርወራው 10,000፥ ε 0.01 ቢሆን ወሰኑ 1/4 ነው፤ ውርወራው 100,000 ሲደርስ 1/40 ይሆናል፤ n ሲያድግም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ወሰኑ እጅግ ሰፊ መሆኑ አይካድም፤ በ10,000 ውርወራ እውነተኛው ዕድል አምስት በመቶ እንኳ አይሞላምና።

ደካማው ሕግ የሚናገረው ስለ አንድ የተወሰነ n ብቻ ነው፤ ብርቱው ግን ሳንቲሙን ለዘለዓለም የሚጥል ሰው፥ በእርግጠኝነት ሊባል በሚችል ዕድል፥ ከአንድ ጊዜ በኋላ አማካዩ ከ ε ዳግመኛ አይወጣበትም ይላል። ልዩነቱን ለማየት፥ በ n ኛው ቀን በ 1/n ዕድል የሚደርስና ካለፈው ቀን ጋር የማይያያዝ ስሕተት እናስብ፤ የየቀኑ ዕድል ወደ ዜሮ ቢወርድም የ 1/n ድምር ወሰን ስለሌለው ስሕተቱ ያለ ማቋረጥ ይመላለሳል። የቼቢሼቭም ወሰን እንደ 1/n የሚቀንስ ነውና ብቻውን ወደ ብርቱው ሕግ አያደርስም፤ በካሬ ፈንታ አራተኛውን ኃይል የወሰድን እንደ ሆነ ግን ወሰኑ እንደ 1/n² ይቀንሳል፥ ድምሩም ይወሰናል፤ ያን ጊዜ ማስረጃው ይቆማል። ለሳንቲሙ ብርቱውን ሕግ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፈረንሳዊው ቦሬል ነው፤ ኋላም ኮልሞጎሮቭ አንድ ዓይነት ስርጭት ላላቸውና እርስ በርሳቸው ለማይነካኩ ውጤቶች ሁሉ አማካዩ የተወሰነ ከሆነ ልይይቱ ወሰን ባይኖረው እንኳ ሕጉ እንደሚጸና አረጋገጠ።