38 ዶላር የማን ዋጋ ነበር?
ፌስቡክ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠበት ሳምንት ስለ አይፒኦ የሚያስተምረው

በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 18 ቀን 2012፣ ዕለቱ ዓርብ። ማርክ ዙከርበርግ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የፌስቡክ ዋና መሥሪያ ቤት ቅጥር ውስጥ ሆኖ የናስዳክን የመክፈቻ ደወል ደወለ። ኒው ዮርክ ላይ ከጠዋቱ 3፡30 ነበር። የፌስቡክ አክሲዮን ግን ገና አይገበያይም፤ የተቀጠረው ለረፋዱ 5 ሰዓት ነው። 5 ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ፣ ነጋዴው ሁሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፤ ዋጋ ግን አይወጣም።

ስክሪን ላይ ያፈጠጠው ሰው ይጠብቅ የነበረው የፌስቡክን ሽያጭ አልነበረም። ሽያጩ በዋዜማው ሐሙስ ምሽት አልቋል። 421 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን፣ አንዱ በ38 ዶላር፣ በድምሩ 16 ቢሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ገንዘብ ገዢ ተመድቦለት አድሯል። ዓርብ ዕለት የሚጀመረው ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው የሚሻሻጡበት ገበያ ነው። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚያቀርብበት ሽያጭ፣ በአጭሩ አይፒኦ የሚባለው፣ እነዚህ ሁለት ዋጋዎች አሉት፤ አንዱ በማታ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚቆረጥ፣ ሌላው በማግስቱ በአደባባይ የሚወጣ። የአይፒኦ ወሬ ሁሉ የሚሽከረከረው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ለአንድ ሌሊት ዋስ

ኩባንያው አክሲዮኑን ራሱ ለሕዝብ አይቸረችርም። አንደርራይተር የሚባሉ ኢንቨስትመንት ባንኮችን ይቀጥራል። የፌስቡክን ሥራ የመራው ሞርጋን ስታንሊ ሲሆን ጄፒ ሞርጋንና ጎልድማን ሳክስ አብረውት ቆሙ፤ ከነሱ ሥር የተሰለፉት ሲቆጠሩ ባንኮቹ 33 ነበሩ።

አሠራሩ ከጅምላ ንግድ ጋር ይመሳሰላል። ባንኮቹ አክሲዮኑን በሙሉ ከኩባንያው በትንሽ ቅናሽ ገዝተው በሙሉ ዋጋ ለባለሀብቶች ያከፋፍላሉ። ቅናሹ ትርፋቸው ነው። በአሜሪካ መካከለኛ መጠን ባላቸው ሽያጮች ላይ ይህ ትርፍ በአብዛኛው 7 በመቶ ነው። ፌስቡክ ግን ሁሉም ባንክ የሚሽቀዳደምለት ደንበኛ ስለነበር 1.1 በመቶ ብቻ ከፈለ፤ ከአንድ አክሲዮን 42 ሳንቲም ገደማ፣ በድምሩ ወደ 176 ሚሊዮን ዶላር።

ዋስትናው የዚህ ሥራ ልብ ነው። ገዢ ቢጠፋ አክሲዮኑ ባንኮቹ እጅ ላይ ይቀራል፤ ኩባንያው ግን ገንዘቡን ያገኛል። ይሁንና ባንኮቹ ይህን ውል የሚፈርሙት ሥራው ሲጀመር አይደለም። ወራት የፈጀው ዝግጅት ካለቀ፣ ገዢዎች ከተጠየቁና ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ፣ በዋዜማው ምሽት ነው የሚፈርሙት። ስለዚህ ዋስ የሚሆኑት ገዢው ማን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ነው ማለት ነው። አደጋው እውነተኛ ቢሆንም ጊዜው አጭር ነው።

ያበጠው መዝገብ

ዋጋው ምሽት ላይ እስኪቆረጥ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ፌስቡክ ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን ለአሜሪካ ተቆጣጣሪ ያስገባው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 ነበር። በዚህ ሰነድ ኩባንያው ሒሳቡን፣ ሥጋቶቹንና ማን ምን ያህል አክሲዮን እንደሚሸጥ ይገልጻል። በሜይ መጀመሪያ ላይ ከ28 እስከ 35 ዶላር የሚል የዋጋ ግምት አወጣና ኃላፊዎቹ ትልልቅ ባለሀብቶችን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ማነጋገር ጀመሩ።

በዚህ ጉዞ ወቅት ባንኮቹ አንድ መዝገብ ይከፍታሉ። የጡረታ ፈንዱም ሆነ ሌላው ባለሀብት በዚህ ዋጋ ይህን ያህል እወስዳለሁ ይላል፤ እነሱ ይመዘግባሉ። ቃሉ ገና ውል አይደለም። መዝገቡ ሲሞላ ባንኩ ፍላጎቱን ያያል፣ ዋጋውንም ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ይህ መዝገብ ግን ያብጣል። ተፈላጊ በሆነ ሽያጭ ማንም የጠየቀውን ያህል እንደማያገኝ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሚሊዮን አክሲዮን የሚፈልግ ፈንድ ከአሥር አንዱን እንደሚሰጡት ከገመተ አሥር ሚሊዮን ይጠይቃል። ጎረቤቱም እንደዚያው ያደርጋል። መዝገቡን ላገላበጠው ሰው ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይታየዋል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ውሃ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

በፌስቡክ ላይ የሆነው ይህ ነው። መዝገቡ ሲሞላ ግምቱ ከ34 እስከ 38 ዶላር ከፍ አለ። ሜይ 16 ላይ ደግሞ የሚሸጠው አክሲዮን ከ337 ሚሊዮን ወደ 421 ሚሊዮን አደገ። የተጨመረው 84 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ከኩባንያው አልመጣም፤ ቀደም ብለው ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለአክሲዮኖች የግላቸውን ለመሸጥ ያቀረቡት ነው። በመጨረሻ ከተሸጠው 421 ሚሊዮን ውስጥ ፌስቡክ ራሱ የሸጠው 180 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። የቀረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ ወደ ኩባንያው ካዝና ሳይሆን ወደ ነባሮቹ ኪስ ገባ። ቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ዋጋው በናረበት ሰዓት ለመሸጥ ሲጣደፍ ማየት ለገዢው መልእክት ነበረው።

ሌላም መልእክት ነበር። ሜይ 9 ላይ ኩባንያው ሰነዱን አሻሽሎ፣ በከፊል በስልክ መጠቀም በመብዛቱ የተጠቃሚው ቁጥር ከሚታየው ማስታወቂያ ቁጥር በልጦ እያደገ መሆኑን ጻፈ። የአንደርራይተሮቹ ተንታኞችም የገቢ ትንበያቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህን ግን ለትልልቅ ደንበኞቻቸው በስልክ ነገሩ እንጂ ተራው ገዢ አልሰማም። የማሳቹሴትስ ግዛት ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በዚሁ ጉዳይ ሞርጋን ስታንሊን 5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለ።

30 ደቂቃ ዘግይቶ

ወደ ዓርቡ እንመለስ። በናስዳክ አዲስ አክሲዮን የሚከፈተው በጨረታ ነው። ገዢና ሻጭ ትእዛዛቸውን ቀድመው ያስገባሉ። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ደርድሮ ከፍተኛው ብዛት ሊሻሻጥ የሚችልበትን አንድ ዋጋ ያሰላል። ያ ዋጋ የመክፈቻ ዋጋ ይሆናል።

ስሌቱ ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ ውጤቱን ከማወጁ በፊት በዚያች ቅጽበት የተሰረዘ ትእዛዝ መኖሩን ያጣራል፤ ካለ እንደገና ያሰላል። የዚያን ዕለት ትእዛዙ እጅግ ብዙ ስለነበር አንዱ ስሌት ሳያልቅ ሌላ ስረዛ ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም በራሱ ዙሪያ ይሽከረከር ጀመር። ባለሙያዎቹ በሌላ መንገድ አስገድደው 5፡30 ላይ በ42.05 ዶላር ከፈቱት። በዚህ መሐል ከ30 ሺህ በላይ ትእዛዞች ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀርቅረው ቀሩ። ሰው ይግዛ ይሽጥ ሳያውቅ እኩለ ቀን አለፈ። ለዚህ ጥፋት ናስዳክ በ2013 የ10 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ።

ዋጋው ለአፍታ 45 ዶላር ደረሰና መውረድ ጀመረ። 38 ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳ እንደነካ ቆመ። የቆመበት ምክንያት ነበረው።

ግድግዳው

ባንኮቹ ምሽት ላይ ሲያከፋፍሉ ከተሰጣቸው 421 ሚሊዮን በላይ 63 ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም 15 በመቶ፣ ጨምረው ይሸጣሉ። እጃቸው ላይ የሌለ አክሲዮን ነው የሸጡት። ግሪንሹ የሚባለው ይህ አሠራር ስሙን የወሰደው መጀመሪያ ከተጠቀመበት የጫማ ፋብሪካ ነው።

የጎደላቸውን የሚሞሉበት ሁለት በር አላቸው። ዋጋው ከወጣ ከሻጮቹ ላይ 63 ሚሊዮኑን በ38 ዶላር የመውሰድ መብት በውሉ ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ አይከስሩም። ዋጋው ከወረደ ደግሞ ከገበያው ላይ ይገዛሉ። ግዢያቸው ዋጋውን ከታች ይደግፈዋል፤ ሕጉም ይፈቅደዋል። ዓርብ ዕለት 38 ላይ የታየው ግድግዳ ይህ ነበር። ግብይቱ ሲዘጋ 38.23 ዶላር ነበር፤ ከምሽቱ ዋጋ በ23 ሳንቲም ብቻ የሚበልጥ።

ይህን ከሊንክድኢን ጋር እናስተያይ። ሊንክድኢን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሜይ 2011፣ 7.84 ሚሊዮን አክሲዮን በ45 ዶላር ሸጠ፤ በመጀመሪያው ቀን 94.25 ላይ ዘጋ። ጋዜጦች ታላቅ ስኬት ብለው ጻፉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በአክሲዮን 49 ዶላር ከሩብ፣ በድምሩ 386 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሻጩ ሊሆን ሲችል በዋዜማው ምሽት ድርሻ ለተመደበለት ባለሀብት ሄደ። ኩባንያው ካገኘው ይበልጣል። ባንኩ ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግ ደንበኛው የሆነው ፈንድ ይጠቀማል፤ ከፍ ሲያደርግ ሻጩ ይጠቀማል። ባንኩ የሚያገለግለው ሁለቱንም ነው።

ከዚህ ዓይን ካየነው ፌስቡክ አንዲት ሳንቲም አላስቀረም፤ የተጎዳው ገዢው ነው። ግድግዳው የተሠራው ለዘለዓለም አልነበረምና ሰኞ ተደረመሰ፤ አክሲዮኑ በ34.03 ዘጋ። ከዚያ ሌላ ጎርፍ ተጠባበቀ። ነባር ባለአክሲዮኖችና ሠራተኞች ለተወሰኑ ወራት የማይሸጡበት ውል አለ። ያ ጊዜ ሲያልቅ አዲስ አቅርቦት ይፈስሳል። ኦገስት 16 ላይ ብቻ 271 ሚሊዮን አክሲዮን ከእሥር ተፈታ። በሴፕቴምበር 4 ዋጋው 17.73 ዶላር ሆነ፤ በሦስት ወር ተኩል ከግማሽ በታች። 38 ዶላርን ያለፈው በ2013 ክረምት፣ ከስልክ ማስታወቂያ የሚመጣው ገቢ ሲጨምር ነው።

ስሕተቱ የት ይወጣል?

አገራችን ውስጥ የተለየ መንገድ አይተናል። ኢትዮ ቴሌኮም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ገዢ እየጠየቀ የሚያስተካክለው መዝገብ አልነበረም። ሽያጩ በፌብሩዋሪ 2025 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

ዋጋ ከፍላጎት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ልዩነቱ አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ ብቅ ይላል። በሊንክድኢን ላይ ኩባንያው ባላገኘው ገንዘብ ታየ። በፌስቡክ ላይ ከሰኞ ጀምሮ በገዢው ኪሳራ ታየ። በ300 ብሩ ሽያጭ ደግሞ ባልተሸጠው አክሲዮን ታየ። አዲስ አክሲዮን ሲቀርብልዎት የመክፈቻውን ቀን ወሬ ትተው ደንበኛ ሳቢ መግለጫው ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ፤ ገንዘቡ ወደ ኩባንያው ነው ወይስ ወደ ነባር ባለአክሲዮን፣ ዋጋውን ማን ከማን ጋር ተስማምቶ ቆረጠው፣ ነባሮቹስ መሸጥ የሚፈቀድላቸው መቼ ነው? ፌስቡክን በ38 ዶላር የገዛው ሰው ሦስቱንም መልሶች በሰነዱ ውስጥ ማግኘት ይችል ነበር።